መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር 14 ኮምፒውተር ያላት ጌም ቤት አለችኝ። ትንሽ ናት፣ ግን ቅዳሜና እሁድ ወንበር አይገኝባትም፣ ልጆች ተራ ለመያዝ ቦርሳ አስቀምጠው ሻይ ሊጠጡ የሚሄዱባት ቤት ናት። ኮምፒውተሮቹ ያገለገሉ የቢሮ ዴል ዴስክቶፖች ናቸው፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ካርድ ከትቼባቸው ነው ጌም የሚያጫውቱት (ካርዱን የመረጥኩት ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው መብራት ስለሚሰራ ነው፣ የነዚህ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ ለካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድ የለውም)።

ስለ መብራት መጥፋት ማውራት ያሰለቻችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔንም አሰልችቶኛል። ግን ያለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ የሆነውን ካልነገርኳችሁ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኳት ካርቶን ለምን እንደዛ እንደተጻፈች አይገባችሁም።

ሐምሌ 12፣ 2017 ነው፣ የሚካኤል ዕለት። መብራት አርብ ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ሄዶ ለሊቱን ሙሉ የለም፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። የሚረዳኝ ልጅ አለ፣ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት እሱ ነው የሚከፍተው። እኔ 3 ሰዓት ከ20 አካባቢ ስደርስ ቤቱ ሙሉ ነው ግን ማንም እየተጫወተ አይደለም። «ጋሼ፣ ስቲም አልገባም አለን» ይላል አንዱ፣ «ጋሼ ኢንተርኔት የለም እንዴ» ይላል ሌላው፣ አንዱ ደሞ ሰማያዊ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ቁጭ ብሏል። ልጁን ምን ሆነ ስለው «ኧረ እኔ እንጃ፣ መብራቱ አምስቱን በላቸው መሰለኝ» አለኝ።

እኔም በሆዴ በቃ ፓወር ሰፕላይ ሄደ፣ ሃርድ ዲስክ ሄደ፣ ስንት ብር ነው አሁን እያልኩ ነበር። አንዱም አልተበላም። 5ቱም የሞተባቸው ነገር ሳንቲም የምታክል ባትሪ ነበረች።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ማዘርቦርድ ላይ CR2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች፣ 3 ቮልት። ስራዋ ኮምፒውተሩ መብራት በሌለው ጊዜ ሰዓቱን ማስኬድና የባዮስ ሴቲንግ መያዝ ነው። ሶኬቱ ላይ እስከተሰካ ድረስ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንኳን ቢሆን፣ ከፓወር ሰፕላዩ የምትመጣ ትንሽ መብራት ሰዓቱን ታስኬዳለች፣ ባትሪዋ ታርፋለች። ሶኬቱ ሲነቀል ወይ መብራት ሲሄድ ግን ሸክሙ በሙሉ እሷ ላይ ነው። ስለዚህ የደከመች ባትሪ የ20 ደቂቃ መጥፋትን ትችላለች፣ ማንም አያውቅባትም፣ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን ትሸነፋለች። እና የሚያስቀው ነገር፣ እኔ ራሴ ነኝ ያደከምኳቸው። መብራት ሲመለስ እንዳያቃጥልብኝ ብዬ ማታ ማታ የረድፎቹን ዲቫይደሮች በሙሉ አጥፍቼ ነው የምወጣው፣ አሁንም እንደዛ ነው የማደርገው፣ ትክክልም ነው ብዬ አስባለሁ፣ ግን ዋጋው ይሄ ነው፣ ባትሪዎቹ በየለሊቱ ይሰራሉ፣ ያን ለሊት ደሞ አቅማቸው አለቀ ማለት ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዙ ደሞ ባትሪዋ አብራችሁ የገዛችኋት ናት፣ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ባትሪዋ ስትደክም ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንዲህ ብሎ ይቆማል፦

```
Time-of-day not set - please run SETUP program
```

F1 ከተጫናችሁ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ልጁ F1 ተጫነ፣ ዊንዶውስ ገባ፣ ቀኑ የሆነ የድሮ ቀን ነው። እሱ ደሞ ጎበዝ ነው አላልኳችሁም? ቀኑ ልክ እንዳልሆነ አየና አስተካከለው። በየት በኩል አስተካከለው መሰላችሁ፣ በሀበሻ። ቀን 12፣ ሐምሌ 11ኛ ወር ነው 11 አለ፣ ዓመት 2017፣ ሰዓት 3። ኮምፒውተሩ እንግዲህ በፈረንጅ ኖቬምበር 12፣ 2017 ከለሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው ያለው። እና ዓይን ላይ ምንም አይታወቅም! 3 ሰዓት ይላል፣ 2017 ይላል፣ ቀኑ 12 ይላል፣ ሁሉም ልክ ይመስላል። እኔ ራሴ ስክሪኑን አይቼ አለፍኩት። ሁለቴ።

ስቲም ግን አያልፈውም። ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት ያያል፣ ሰርተፊኬቱ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሰራል የሚል ነገር አለው። በ2017 ዓለም ላይ ያለ ኮምፒውተር የ2025 ሰርተፊኬት ሲያይ «ይሄ ገና አልጀመረም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ልጆቹ የሚያዩት ግን «ኮኔክት አላደረገም» የሚል ነገር ብቻ ስለሆነ ሁሉም ኢንተርኔቱን ነው የሚሳደበው፣ እኔም ራውተሩን ሁለቴ አጥፍቼ አብርቻለሁ በዛ ጠዋት። የገባኝ አንዱ ልጅ ክሮም ላይ ስቲም ሊከፍት ሲሞክር ነው። ስክሪኑ ላይ `Your clock is behind` ይላል፣ ከስሩ `NET::ERR_CERT_DATE_INVALID`። ይሄንን ካያችሁ ኢንተርኔቱን ተዉት፣ ኢንተርኔቱ ደህና ነው።

ከዛ ደሞ ሌላ ነገር። ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ ያስተካክል የለ እንዴ? ያስተካክላል፣ ግን ገደብ አለው። ኔትወርክ ዶሜን ውስጥ ያልገባ፣ እንደኛ ዝም ብሎ የቆመ ኮምፒውተር፣ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ ሰርቪሱ «ይሄ እብደት ነው» ብሎ አይነካውም። ስለዚህ `w32tm /resync` ስትሉት የሚመልስላችሁ ይሄን ነው፦

```
The computer did not resync because the required time change was too big.
```

መፍትሄው መጀመሪያ በእጅ ወደ እውነተኛው አካባቢ ማስጠጋት፣ ከዛ ደቂቃዋንና ሰከንዷን እሱ እንዲጨርስ መተው ነው። ፓወርሼል እንደ አድሚን ከፍታችሁ፦

```
Set-Date "2025-07-19 09:20"
net start w32time
w32tm /resync
```

አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። 4ቱ ወዲያው ገቡ። አምስተኛዋ ሰማያዊዋ ናት።

ሰማያዊዋ ላይ የሚለው `INACCESSIBLE_BOOT_DEVICE` ነው። ይሄንን ጽሑፍ አይተው ዲስክ ተቃጠለ ብለው ፎርማት ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ፣ አንዱ እኔ ነኝ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት ደህና ኮምፒውተር ፎርማት አድርጌ አንድ ሙሉ ቀን ጌም ስጭን ዋልኩ። ነገርየው ምንድነው፣ ባትሪዋ ስትሞት ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ ተመልሷል፣ የነዚህ ዴስክቶፖች ፋብሪካ ሴቲንግ ደሞ SATA የሚለው ቦታ ላይ `RAID On` ነው። የኔ ዊንዶውስ የተጫነው `AHCI` ላይ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ዲስኩን በሚያውቀው በር አንኳኩቶ አላገኘውም። ሲነሳ F2 ተጭናችሁ ባዮስ ግቡ፣ SATA Operation የሚለውን ወደ `AHCI` መልሱ፣ ሴቭ፣ አለቀ። ዲስኩ ምንም አልሆነም። በነገራችን ላይ እዛው እያላችሁ AC Recovery የሚለውን Power Off ላይ መሆኑን እዩ፣ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ኮምፒውተሮቹ በየጊዜው ራሳቸው እንዳይነሱ ነው። አሁን የያንዳንዱን የባዮስ ገጽ ስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ፣ ባትሪ ስቀይር እያየሁ እመልሳለሁ።

በዛው ሳምንት 14ቱንም ባትሪ ቀየርኩ። አምስቱን ብቻ መቀየር ሞኝነት ነው፣ ዘጠኙም በአንድ ዕድሜ ላይ ናቸውና። ስለካቸው አምስቱ ከ2.6 በታች ነበሩ፣ የቀሩት 2.8 እና 2.9 አካባቢ። አዲስ ባትሪ በቴስተር ከ3 ከፍ ይላል፣ እኔ 2.8 ከነካች አልጠብቃትም። ስትገዙም ሱቁ ውስጥ ለኩት፣ መደርደሪያ ላይ የኖረ ባትሪ ብዙ አለ። መለኪያ አናመጣም የሚል ሱቅ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

እና ካርቶኗ ላይ አሁን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፣ ኪቦርድ ከመንካት በፊት መብራት፣ ከዛ ሰዓት፣ ከዛ ድቧ፣ ጌም መጨረሻ። ድቧ ምንድናት እመጣበታለሁ።

መብራት ላይ ብዙ አልቆይም። መብራት ሲሄድ ልጁ የሦስቱንም ረድፍ ብሬከር ያወርዳል፣ ሲመጣ 10 ደቂቃ ዝም እንላለን፣ ከዛ በቴስተር ሶኬት ላይ እንለካለን። ከ200 እስከ 240 ባለው ውስጥ ከሆነ አንድ ረድፍ እናነሳለን፣ ትንሽ ቆይተን ሁለተኛውን። 14ቱን አንዴ ብታነሱ የፓወር ሰፕላዮቹ ካፓሲተር በአንድ ቅጽበት ሲሞላ የሚስበው መብራት ከሚሰሩበት በጣም ይበልጣል፣ ብሬከሩ ይወርድና ሾርት ነው ብላችሁ ገመድ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ቴስተሩ 300 እና ከዛ በላይ ካሳየ ግን ዜሮው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ እስከ 380 ይሄዳል፣ ያኔ ምንም አትንኩ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ስታብላይዘር አለኝ ብላችሁም አትመኑት ለዛ።

አሁን ድቧ። ኮምፒውተሮቼ ላይ ዲፕ ፍሪዝ አለ፣ ከታች ሰዓቱ አጠገብ ነጭ ድብ ሆና የምትቀመጠው። ሲ ድራይቭን «ያቀዘቅዛል»፣ ልጆቹ ቀን ሙሉ ምን ቢጭኑ፣ ምን ቢያጠፉ፣ ሪስታርት ሲደረግ እንዳልነበረ ይሆናል። ጌሞቹ ያሉት ዲ ላይ ነው፣ ዲ አልቀዘቀዘም። የጌም ቤት ግማሽ ሰላም ከዚህች ድብ ነው የሚመጣው። ግማሽ ግራ መጋባትም ከሷው ነው።

ያቺው ቅዳሜ ሰዓቱን ካስተካከልኩ በኋላ አንዷ ኮምፒውተር ሪሲንክ ስትደረግ በትክክል 10 ሰዓት ወደኋላ ቀረች። ጠዋት 3 ከ20 ሲሆን እሷ የአርብ ለሊት 5 ከ20 ትላለች። ልዩነቱ ድፍን ሰዓት ሲሆን ጥርጣሬው ሰዓቱ ላይ ሳይሆን ታይም ዞኑ ላይ ነው፣ እንዳልኩትም አሜሪካ፣ ፓሲፊክ ላይ ነበረች፣ ዊንዶውስ ሲጫን የመጣ ነገር ነው፣ እስከዛሬ ያላየሁት ሰዓቱ በእጅ ተሞልቶ ስለነበረ ነው። አዲስ አበባ የሚል ዊንዶውስ ላይ አትፈልጉ፣ የኛ ናይሮቢ በሚለው ስር ነው፦

```
tzutil /s "E. Africa Standard Time"
```

አስተካከልኩ፣ ሰራ፣ ደስ አለኝ። እሁድ ጠዋት ተመልሳ አሜሪካ ናት። ለካ ሰዓቱ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ነው፣ ድቧ አትነካውም፣ ታይም ዞኑ ግን ዊንዶውስ ውስጥ የተጻፈ ነው፣ ሪስታርት ሲደረግ ከሌላው ሁሉ ጋር ይጠፋል። የሚቆይ ነገር መቀየር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሺፍት ይዛችሁ ድቧን ደብል ክሊክ፣ ፓስዎርድ፣ Boot Thawed፣ ሪስታርት፣ ድቧ ላይ ቀይ ኤክስ ሲመጣ ስራችሁን ስሩ፣ ጨርሳችሁ መልሱ። መመለሱን ነው የሚረሳው ሰው። ስለዚህ ካርቶኗ ላይ «ድቧ ኤክስ አላት ወይ» የሚል አለ፣ ልጁ ጠዋት 14ቱንም በዓይኑ ያያል፣ 30 ሰከንድ ነው።

የአፕዴት ጣጣም ከዚሁ ነው የሚነሳው። ድቧ እያለች የዊንዶውስ አፕዴት ክፍት ከተዋችሁ ኮምፒውተሩ ቀን ላይ ያወርዳል፣ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል፣ ነገ ያንኑ ያወርዳል፣ ከነገ ወዲያም። 14 ቦታ አባዙት። ኢንተርኔቱ ለምን ይጎተታል ብዬ ሁለት ወር ጎረቤት ዋይፋይ ሰረቀኝ ስል ነበር፣ ስለ ጎረቤቶቼ ብዙ ክፉ አስቤያለሁ። አሁን አፕዴት በሁሉም ላይ ዝግ ነው፣ በወር አንዴ ድቧን አንስቼ እኔ ራሴ አደርገዋለሁ፣ ጠዋት፣ አንድ ረድፍ ብቻ፣ ሁሉንም አንዴ በጭራሽ። አንዴ ሦስት ኮምፒውተር ማታ ላይ አፕዴት እያደረጉ 64 ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደ፣ ሲመጣ `Undoing changes made to your computer` እያሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቀመጡኝ። ተመለሱ፣ ግን እኔ በዛች ሰዓት አርጅቻለሁ። ለነገሩ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 ስላበቃ ይሄ ወርሃዊ ስራ ቀለል ብሏል፣ እነዚህ ኮምፒውተሮች ፕሮሰሰራቸው አሮጌ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበላቸውም። ቀለል ብሏል ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

የጌም አፕዴት ግን አያልቅም። ለሱ አንድ ኮምፒውተር «እናት» ብለን ሰይመናል፣ እኔ ጋ ካውንተር ላይ ያለችው፣ ዩፒኤስ ያላት እሷና ራውተሩ ብቻ ናቸው። ካውንተር ስትሪክና ዶታ አፕዴት ሲመጣ ለሊት እሷ ብቻ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ከሷ ይወስዳሉ። ስቲም ከ2023 ጀምሮ ይሄን ራሱ ይሰራል፣ ሴቲንግ ውስጥ Downloads የሚለው ጋ ገብታችሁ ከሎካል ኔትወርክ ጌም ማስተላለፍን ትከፍታላችሁ፣ እናትየዋ ላይ ለማንም እንድትሰጥ ታደርጋላችሁ፣ ምክንያቱም ልጆቹ የሚገቡት በራሳቸው አካውንት ነው። ካልሰራ የ27040 ፖርት ፋየርዎል ላይ መዘጋቱን እዩ። ስዊቹ የድሮ 100 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ 11 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ 10 ጊጋ ለአንድ ኮምፒውተር ሩብ ሰዓት፣ ለ13ቱ ከሦስት ሰዓት በላይ። ጊጋቢት ስዊች የገዛሁ ቀን ነው እንቅልፍ የተኛሁት።

በፍላሽ ወይ በሼር መገልበጥ ለሚመርጡ፣ የጌሙን ፎልደር ብቻ ወስዳችሁ አትሂዱ፣ `steamapps` ውስጥ ያለችውን ትንሽዬ ፋይልም ውሰዱ፣ ለካውንተር ስትሪክ `appmanifest_730.acf`፣ ለዶታ `appmanifest_570.acf`። እሷ ከሌለች ስቲም ጌሙ እንዳለ አያውቅም፣ Install ይላችኋል። ፎልደሩ ደሞ አሁንም `Counter-Strike Global Offensive` ነው የሚባለው፣ የድሮው ነው ብላችሁ እንዳታጠፉት። ልጁ አንዴ ሊያጠፋው እጁ ማውዙ ላይ ነበር።

መብራት አፕዴት መሀል ከሄደ የሚጎዳው ዲ ነው፣ ሲን ድቧ ትመልሰዋለች፣ ዲን የሚመልስ የለም። `fsutil dirty query D:` ብዬ እጠይቃለሁ፣ Dirty ነው ካለ `chkdsk D: /f`፣ ከዛ የተጎዳውን ጌም ብቻ ስቲም ላይ ቨሪፋይ። ይሄ የመጨረሻው ነው፣ ሁልጊዜ የመጨረሻው። ቨሪፋይ የጌሙን ፋይል በሙሉ አንብቦ ያያል፣ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ረጅም ነው፣ ሰዓቱ የተበላሸ ኮምፒውተር ላይ ከጀመራችሁት ደሞ ጌሙ አይደለም የታመመው፣ ስቲም ጋ መድረስም አትችሉም፣ ደንበኛው ብሩን ይዞ ይወጣል። ያቺ ቅዳሜ ልጁ እኔ እስክመጣ አንዱን ላስተካክል ብሎ ዶታን ዲሊት አድርጎ እንደ አዲስ ሊጭን ነበር፣ ኮኔክሽን በሌለው ስቲም። አልተቆጣሁትም። ሰዓቱን በሀበሻ ሞላህ ብዬም አልተቆጣሁትም፣ ማንም አልነገረውም ነበር፣ ስልኩም ላይ የሀበሻ ካላንደር ነው ያለው።

ካርቶኗ ላይ «ሰዓት» ከሚለው ስር በቀይ ማርከር ጻፍኩ፦ ቀን በፈረንጅ፣ ወር በፈረንጅ፣ ዓመት በፈረንጅ፣ ሰዓት ላይ 6 ደምር። እሱም አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ካርቶኗን ይዞ እየዞረ የ6ኛዋን ኮምፒውተር ክዳን ከፈተ። ባትሪ የቀየርኩ ቀን ክዳኖቹ ላይ በማርከር መቼ እንደተቀየረ ጽፌ ነበር፣ እኔው፣ በእጄ። ክዳኑን አዙሮ አሳየኝ፦ 11/17።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ይሄ በየትኛው ነው?»